ሳምቡሳው ወይስ ሰልፉ?

ይድረስ ለምክር ዓምዱ አዘጋጅ፦

ጋሼ፣ ሰላም ነዎት? ጅማ የምማር የስታትስቲክስ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። እኔና ጓደኛዬ ሚኪ በአምስት ሳምንት የምናስረክበው የጥናት ሥራ ተሰጥቶን በርዕሱ ተኳረፍን። የተባባልነውን እንዳለ ልጻፍልዎት።

እኔ፦ የመንገድ ላይ ምግብ ንጽሕና እናጥና። ግማሹ ዶርም ሆዱን ይዞ የሚያድረው ከሳምቡሳው ነው።

ሚኪ፦ ከሳምቡሳው መሆኑን በምን አወቅሽ?

እኔ፦ እሱን አይደል የምናጠናው! 50 ሻጭ መጠይቅ እናስሞላለን፣ አለቀ።

ሚኪ፦ «እጅሽን ትታጠቢያለሽ?» ልትያቸው? ማን ነው አልታጠብም የሚልሽ? ይልቅ መናኸሪያ ሄደን የአጋሮን ሰልፍ እንለካ። ሰዓት መያዝ ብቻ ነው፣ ቀላል ነው።

እኔ፦ ሰልፍ መኖሩን ለማወቅ ጥናት ያስፈልጋል? አንተ የምትፈልገው የሚቀልህን ነው።

ሚኪ፦ አንቺ ደግሞ የሚያምርሽን።

እኔ፦ እሺ፣ ሁለቱንም እናጥናቸው?

ሚኪ፦ በአምስት ሳምንት? አብደሻል።

ከዚያ ወዲህ ሰላምታችን ቀዝቅዟል። ላቦራቶሪ የለንም፤ በእጃችን ያለው 1,500 ብር ብቻ ነው። ማናችን ነን ልክ?

ነጃት፣ ከጅማ

—

ነጃት፣

ሰልፉን አጥኑ። የሚኪን ምክንያት ግን አልቀበለውም። የመናኸሪያ ሰልፍ መለካት ቀላል የሚመስለው ገና ሄዶ ላልቆመበት ሰው ነው። እኔ የመረጥኩት ባላችሁ ጊዜና ገንዘብ የጠየቃችሁትን ነገር ራሱን መለካት የምትችሉት እዚያ ስለሆነ ነው። «ሁለቱንም» ያልሽውን ግን እርሺው፤ ግማሽ ግማሽ የሆነ ነገር ይዛችሁ ትቀርባላችሁ።

አስቀድሜ ያንቺን ጉዳይ ልጨርስ። መጠይቁን በተመለከተ ሚኪ እውነቱን ነው። ቅጽ ይዘሽ ጠባሿ ፊት ቆመሽ «እጅዎን ይታጠባሉ?» ብትያት «እንዴታ!» ትልሻለች። ከ50ው 46ቱ እንታጠባለን ቢሉሽ የተረዳሽው ለጠያቂ ምን መመለስ እንዳለበት እንደሚያውቁ ነው። ስለ እጃቸው ያወቅሽው ነገር የለም።

ሳምቡሳውንም ቢሆን ያለ ማስረጃ ነው የከሰስሽው። ከፈላ ዘይት ወጥቶ በትኩሱ በተበላ ነገር ላይ በሕይወት የሚተርፍ ጀርም ብዙ አይደለም። ነገር የሚበላሸው ከዘይቱ በፊትና በኋላ ነው። በፊት ስል ማታ ተቀቅሎ በድስቱ ሞቅ እንዳለ ያደረውን ምስር ማለቴ ነው። ባሲለስ ሴሬየስ የሚባለው ባክቴሪያ መቀቀሉን የሚቋቋም ስፖር አለው። ምግቡ ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ለሰዓታት ሲቆይ ያ ስፖር ነቅቶ ይራባል፤ የሚያስመልሰው መርዙ ደግሞ ጠዋት ዘይት ውስጥ ቢገባም አይጠፋም። በኋላ ስል ደግሞ ዳጣውን፣ ተቆርጦ የዋለውን አቮካዶ፣ ብር የተቀበለ እጅ የሚልጠውን እንቁላል ነው። እንግዲህ «የመንገድ ላይ ምግብ ንጽሕና» አንድ ርዕስ ይምሰል እንጂ በውስጡ አራት አምስት ጥያቄ አለ፤ እያንዳንዱም የራሱ መለኪያ ይፈልጋል።

ከእነዚህ አንዱን እንኳ በቁም ነገር ልያዝ ብትይ፣ ናሙናውን ከጀርም በነጻ ከረጢት ወስደሽ፣ በበረዶ ሳጥን በጥቂት ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ ማድረስ አለብሽ። እዚያ 25 ግራሙ በ225 ሚሊ ሊትር ማቅጠኛ ይበጠበጣል፣ ከዚያም አሥር አሥር እጥፍ እየቀጠነ ሳህን ላይ ይዘራል፣ አንድ ሁለት ቀን ሙቀት ውስጥ ቆይቶ የበቀለው ይቆጠራል። 1,500 ብራችሁ ማብቀያውን እንኳ አይገዛም። ከሻጮች ናሙና ለመውሰድ ፈቃዳቸውም የሥነ ምግባር ኮሚቴ ይሁንታም ያስፈልጋል፤ አምስቱ ሳምንት እሱን ስትጠብቁ ሊያልቅ ይችላል። ይህ ሁሉ ተሳክቶ ኢ. ኮላይ ቢገኝ እንኳ ምግቡ በዓይነ ምድር መበከሉን ያመለክት ይሆናል እንጂ የዶርሙን ሆድ ያመመው እሱ ለመሆኑ ማረጋገጫ አይሆንም። እነዚያው ልጆች ከአንድ ቧንቧ ይጠጣሉ፣ አንድ ካፌ ይበላሉ።

አሁን ወደ አጋሮ መስመር እንሂድ።

«ጥበቃ» የምትሉት ነገር የሚጀምረው መቼ ነው? የሚያልቀውስ? ሰው ሰልፉ መጨረሻ ላይ ሲቆም ይጀምራል ብንል ብዙ አያጨቃጭቅም። መኪና ውስጥ ሲገባ ያልቃል ብትሉ ግን ጥናታችሁ እዚያው ይበላሻል። ሚኒባሱ የሚነሳው ሲሞላ ነው። ረፋድ ላይ መናኸሪያ የገባ ሰው ሰልፍ የሚባል ነገር አያይም። ሰልፍ የያዙት መኪኖቹ ናቸው፤ ረዳቱ «አጋሮ! አጋሮ! የሞላ!» እያለ ሻንጣውን ተቀብሎ ያስገባዋል። ከዚያ «ሁለት ሰው ብቻ ነው የቀረን» የሚለውን ቃል ደጋግሞ እየሰማ ግማሽ ሰዓት ይቀመጣል። ለዚህ ሰው በቅጻችሁ ላይ «ዜሮ ደቂቃ» ብትጽፉለት ይስቅባችኋል። ስለዚህ ጥበቃው የሚያልቀው ጎማው ከበሩ ሲወጣ ይሁን። ቆሞ የተጠበቀውንና ተቀምጦ የተጠበቀውንም ለየብቻ ያዙት። የጥናታችሁ ጨው ያለው ከዚህ ልዩነት ውስጥ ነው፤ ኋላ ታዩታላችሁ።

ቀጥሎ መለካቱ። ሚኪ ያሰበው እያንዳንዱን ሰው እየተከተሉ ሰዓት መያዝ ከሆነ፣ ማታ 40 ሰው ሲጋፋ የማን ሰዓት የማን እንደነበር ይጠፋችኋል። ማንንም ሳትከተሉ አማካዩን የምታገኙበት መንገድ አለ። የወረፋ ሒሳብ ስትማሩ የሊትል ሕግ ሲባል ትሰሙ ይሆናል፤ ጆን ሊትል የተባለ አሜሪካዊ ማረጋገጫውን ያሳተመው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1961 ነው። በቀላል አማርኛ እንዲህ ይላል፦ በአንድ ቦታ በአማካይ ስንት ሰው እንዳለ ካወቅህ፣ በደቂቃ ስንት ሰው እንደሚወጣም ካወቅህ፣ የመጀመሪያውን ለሁለተኛው ስታካፍል አንድ ሰው በአማካይ ስንት ደቂቃ እንደቆየ ይሰጥሃል።

ሁለት ናችሁ፣ ሁለት ሰው ይበቃል። አንዳችሁ ሰልፉ በሚታይበት ቦታ ቆማችሁ በየ5 ደቂቃው ሁለት ቁጥር ጻፉ፤ ቆመው የሚጠብቁ ስንት ናቸው፣ ገና ባልተነሳው መኪና ውስጥ የተቀመጡስ ስንት ናቸው። ሌላችሁ መውጫው ላይ ሆናችሁ የአጋሮ መኪና በወጣ ቁጥር ሰዓቱንና የያዘውን ሰው ጻፉ። ወንበር ሳይሆን ሰው ነው የሚቆጠረው፤ ትርፍ የሚጫንበት ጊዜ አለ። ጭን ላይ የተቀመጠ ሕፃን ይቆጠር አይቆጠር የሚለውን አስቀድማችሁ ተስማሙና ሰልፉ ላይም መውጫው ላይም አንድ ዓይነት አድርጉት። አንዳንዴ ደግሞ መኪናው የሞላ እንዲመስል ገብተው የሚቀመጡ የረዳቱ ጓደኞች ይኖራሉ፤ እውነተኛው ተሳፋሪ ሲመጣ አንድ በአንድ ይወርዳሉ። ሁለተኛ ቀን ላይ ፊታቸውን ትለዩታላችሁ።

ሒሳቡ ይታያችሁ ዘንድ ቁጥር ፈጥሬ ልሥራው፤ የጅማ መናኸሪያ ቁጥር ነው ብላችሁ እንዳትጽፉት። ከቀኑ 10:30 እስከ 12:30፣ ማለትም 120 ደቂቃ ቆጠራችሁ እንበል። 24 ጊዜ ቆጥራችሁ የቆሙት አማካይ 33፣ የተቀመጡት አማካይ 3 ወጣ። በድምሩ 36። በእነዚያ 120 ደቂቃዎች 10 መኪና ወጥቶ 144 ሰው ተጓዘ። 36ን በ120 ስታበዙ 4,320 ይመጣል፤ ይህ ሁሉም ሰው አንድ ላይ ያቃጠለው ደቂቃ ነው። ለ144 ስታካፍሉት 30 ደቂቃ። ለየብቻ ብትሠሩት ደግሞ ቆሞ የተጠበቀው 27 ደቂቃ ተኩል፣ ተቀምጦ የተጠበቀው 2 ደቂቃ ተኩል ይሆናል። ኤክሴል ላይ የቆሙትን በ B፣ የተቀመጡትን በ C፣ በየ5 ደቂቃው የወጡትን ሰዎች በ D ካስገባችሁ የቆሙት ጥበቃ በዚህ ይወጣል፦

```
=AVERAGE(B2:B25)*120/SUM(D2:D25)
```

B የሚለውን በ C ስትተኩት የተቀመጡት ይሆናል።

አሁን በዚያው ቀን ረፋድ ላይ ከ4:00 እስከ 6:00 ሰዓት ቆማችሁ ነበር እንበል። ሰልፍ የለም፤ የቆመ ሰው ዜሮ። መኪና ውስጥ በአማካይ 7 ሰው ተቀምጦ ይጠብቃል። በሁለት ሰዓት ውስጥ 3 መኪና 42 ሰው ይዞ ወጣ። 7 በ120፣ ሲካፈል ለ42፣ 20 ደቂቃ ይመጣል። ሰልፍ በሌለበት ሰዓት 20 ደቂቃ፣ ሰው ሁሉ በሚያማርርበት ሰዓት 30 ደቂቃ ማለት ነው። «ሰልፍ መኖሩን ለማወቅ ጥናት ያስፈልጋል?» ላልሽው መልሱ እዚህ ነው ያለው። ሰልፉን ሁሉም ያየዋል፤ የረፋዱን ጥበቃ ግን ማንም ጥበቃ ብሎ አልቆጠረውም። መፍትሔያቸውም አይገናኝም። ማታ የጠፋው መኪና ነው፤ ረፋድ ላይ መኪናው ተትረፍርፎ የጠፋው ሰው ነው፣ ስለዚህ ያኔ መኪና ብትጨምሩ ያው ተሳፋሪ ለብዙ መኪና ተከፋፍሎ፣ ሁሉም በየተራው ይሙላ ካልተባለ በቀር፣ የባሰ ይዘገያል።

በዚህ ሒሳብ ላይ የሚያንሸራትት አንድ ቦታ አለ፤ መጀመሪያውና መጨረሻው። 12:30 ላይ ደብተራችሁን ስታጥፉ 50 ሰው ገና ቆሞ ከሆነ፣ የእነሱ ደቂቃ በቆጠራው ውስጥ ገብቷል፣ እነሱ ግን ከወጡት ውስጥ የሉም። አማካዩ ያለ አግባብ ያብጣል። ስለዚህ ሰልፉ ሳይጀምር ጀምሩ፣ እስኪቀል ድረስም ቆዩ። ሲጨርሱ የቀረው ሰው ሲጀምሩ ከነበረው ብዙ የማይርቅ ከሆነ ሒሳቡ ይያዛል። ይመሻል ብላችሁ ከፈራችሁ፣ በተለይ አንቺ፣ ሰዓቱን ከመጀመሪያው አስቀድሙት እንጂ መሐል ላይ አታቋርጡ።

«ለምን ዝም ብለን ሰዎቹን አንጠይቅም? ስንት ደቂቃ ጠበቁ ብንላቸውስ?» ሳትሉ አትቀሩም። አትጠይቁ። 20 ሰው አስቡ፤ አሥሩ 5 ደቂቃ፣ አሥሩ 55 ደቂቃ የሚጠብቁ። እውነተኛው አማካይ 30 ነው። የ5 ደቂቃዎቹ ሁሉም ተደምረው 50 ደቂቃ ብቻ ነው ሰልፉ ላይ የሚታዩት፣ የ55ቶቹ ግን 550። በዘፈቀደ ሰዓት ሄዳችሁ ሰልፉ ላይ ቆሞ የምታገኙት ሰው ከ12 ጊዜ 11 ጊዜ ከቆዩት ወገን ነው። ቶሎ የሄደውማ ሄዷል፣ ማን ይጠይቀዋል? በዚያ ላይ ያገኛችሁት ሰው ጥበቃውን ገና አልጨረሰም፤ እስካሁን የጠበቀውን ነው የሚነግራችሁ። አንዱ ስሕተት ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች ይጎትታል። የትኛው እንዳሸነፈ የምታውቁበት መንገድ የላችሁም። መቆጠሩ ከሁለቱም ያድናችኋል።

ሰልፍ የሚሰብሩትስ? ተራ አስከባሪው ዞር ሲል ከጎን የሚገባ፣ «ከእሱ ቀጥዬ ነበርኩ» የሚል፣ የረዳቱ ዘመድ የሆነ፣ ሞልቷል። አማካዩን አይነኩትም። አንዱ ቀድሞ ሲገባ ሌላው በዚያው ልክ ይዘገያል፤ ድምሩ ያው ነው። ይህ ሲሰሙት ደስ የማይል ግን እውነት የሆነ ነገር ነው፤ አማካይ ብቻ ይዛችሁ ከቀረባችሁ ጉልበተኛው የዘረፈው ደቂቃ ከሪፖርታችሁ ውስጥ ይጠፋል። ማን ላይ እንደወደቀ ማየት ከፈለጋችሁ ከቆጠራው ጎን ትንንሽ ካርዶች አዘጋጁ። ወደ ሰልፉ ከሚመጣው በየአሥረኛው ሰው የመጣበትን ሰዓት የተጻፈበት ካርድ ስጡ፣ ሲወጣ መኪናው በር ላይ ተቀበሉት። ፈቃደኛ የመሰላችሁን ፊት እየመረጣችሁ አትስጡ፤ አሥረኛው ሽማግሌ ይሁን ኮበሌ፣ ጆንያ የተሸከመች እናት ትሁን፣ እሱ ነው ተራው። እምቢ ካለ «እምቢ» ብላችሁ መዝግቡና ሌላ አሥር ቁጠሩ። ለዚህ ሦስተኛ ሰው ያስፈልጋችኋል፤ ከክፍላችሁ አንድ ልጅ ምሳ ጋብዛችሁ አምጡ፣ ከብራችሁ ላይ ይበቃል።

ተስፋ ቆርጦ የሚሄድም አለ። ባጃጅ ተኮናትሮ ወይ ነገ እሄዳለሁ ብሎ ከሰልፉ የሚወጣ። ይህን ሰው ካልቆጠራችሁት ሒሳቡ ይሳሳታል፣ ምክንያቱም እሱም ከቦታው ወጥቷል። በምሳሌያችን 16 ሰው ተስፋ ቆርጦ ሄደ እንበል። 4,320ን ለ160 ታካፍላላችሁ፣ 27 ደቂቃ ይወጣል። ከ30 ወደ 27 የወረደው አገልግሎቱ ስለተሻሻለ እንዳልሆነ ግልጽ ነው። ስለዚህ 27 ደቂቃው «ከመጡት ሁሉ» መሆኑን ጻፉ፣ 16ቱን ደግሞ ለብቻቸው አሳዩ። እኔን ብትጠይቁኝ የ16ቱ ቁጥር ከ27ቱ ይበልጥ ይናገራል።

አሁን የስታትስቲክስ ተማሪ ሆናችሁ የምትፈተኑበት ላይ ደረስን። በአንድ ማታ 144 ሰው ቆጠራችሁ። የናሙናችሁ ብዛት ስንት ነው? 144 የሚል መልስ አፋችሁ ላይ እንደመጣ እገምታለሁ። አንድ ሚኒባስ መንገድ ላይ ጎማ ቢፈነዳበት የ144ቱም ጥበቃ በአንድ ላይ ይረዝማል። እርስ በርሳቸው የተያያዙ ሰዎች ናቸው፣ አንድ ማታ ነው የተጋሩት። ስለ «የጅማ ማታ» ለመናገር የያዛችሁት ናሙና አንድ ማታ ብቻ ነው። የ144 ሰው ስታንዳርድ ኤረር አስልታችሁ ጠባብ ክልል ብታቀርቡ አስተማሪያችሁ ከነቃ እዚያው ላይ ነው የሚይዛችሁ። ሰው ከማብዛት ቀን አብዙ።

የትኛውን ቀን? ሐሙስን መዝለል አይቻልም። የሂርማታ ገበያ ከድሮ ጀምሮ የሚታወቀው በሐሙሱ ነው፤ ገበያ የወጣው ሰው ሲመለስ መስመሩን ያጨናንቀዋል ብሎ መጠበቅ ተገቢ ነው። ይህ ግን ገና ግምት ነው፣ ሳይለካ አይጻፍም። ማክሰኞን ለማወዳደሪያ ያዙ። ሦስት ማክሰኞና ሦስት ሐሙስ፣ በእያንዳንዱ ቀን ረፋድና ማታ። አንድ ሐሙስን ከአንድ ማክሰኞ ብቻ ብታወዳድሩ፣ ያ ሐሙስ የዘነበበት ቀን ከሆነ የዝናቡን ሥራ ለገበያው ትሰጡታላችሁ። ጅማ ላይ ደግሞ ዝናብ ሳይጠሩት የሚመጣ እንግዳ ነው። ሲዘንብ ሰልፉ ይፈርሳል፤ ሰው ጣሪያ ሥር ይበተናል፣ ተራውን በቃል ነው የሚይዘው። ያኔ መስመር ላይ ያለውን ብቻ ከቆጠራችሁ ሰልፉ በድንገት ያጠረ ይመስላችኋል። ጣሪያ ሥር ያለውንም ቁጠሩ፣ በመዝገቡ ዳር ላይ «ዝናብ» ብላችሁ የጀመረበትንና ያባራበትን ሰዓት ጻፉ። ሦስት ሦስት ቀን ቢሆንም ትንሽ ነው፤ «ሐሙስ ይብሳል» ብሎ ለመደምደም ሦስቱም ሐሙስ ከሦስቱም ማክሰኞ በግልጽ ካልበለጡ አትድፈሩ።

የመጀመሪያውን ሳምንት ለሙከራ ስጡት። አንድ ማታ ሁለታችሁም ጎን ለጎን ቆማችሁ፣ ሳትተያዩ፣ ያንኑ ሰልፍ ስድስት ጊዜ ቁጠሩና አወዳድሩ። ልዩነታችሁ ከሁለት ሦስት ሰው ከበለጠ የቆማችሁበት ቦታ መጥፎ ነው፣ ከፍ ያለ በረንዳ ፈልጉ። የስልኮቻችሁን ሰዓት አስተካክሉ። አንዳችሁ 10:30፣ ሌላችሁ 4:30 ወይም 16:30 ብላችሁ እንዳትጽፉ ከመጀመሪያው በአገራችን ሰዓት ተስማሙ፤ ስንት ጥሩ መረጃ በዚህ ምክንያት ተዘበራርቆ አይቻለሁ።

ደብተር ይዞ መናኸሪያ የቆመ ሰው ወይ የገቢዎች ወይ የትራፊክ ሰው ይመስላል። እናንተን ሲያዩ ትርፍ መጫን ቢያቆሙ፣ የምትለኩት መናኸሪያ የዘወትሩ መናኸሪያ አይደለም። ስለዚህ ከትምህርት ክፍላችሁ ደብዳቤ ይዛችሁ መጀመሪያ ወደ መናኸሪያው ኃላፊ፣ ከዚያ ወደ ተራ አስከባሪዎቹ ሂዱ። ተራ አስከባሪዎቹ ካልተቀበሏችሁ የኃላፊው ፊርማ ብዙ አያስኬዳችሁም። ታርጋ እንደማትጽፉ ንገሯቸው፣ ደብተሩን ገልጣችሁ አሳዩአቸው፣ ቃላችሁንም ጠብቁ፤ ለሒሳቡ ታርጋ አያስፈልጋችሁምና። የሙከራውን ማታ ቁጥር ጥናቱ ውስጥ አታስገቡት። ያን ቀን እናንተን የሚያዩበት ዓይን ሌላ ነው፣ በሁለተኛው ሳምንት ይለምዷችኋል።

ደብዳቤውን አንቺ አስጽፊው። ሚኪን ለካርዱ አሰማሪው፤ ሰው ማነጋገሩ እንዴት እንደሚቀል እሱም ይየው።